የስድስት ዶላሩ ፔርሙስ መርካቶ ሲደርስ ስንት ነው?

መርካቶ የቤት ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ «ዋናው ስንት ነው?» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ከቻይና የተላከለት ኢንቮይስ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ፔርሙሱ 6 ዶላር፣ ዶላሩ 150 ብር፤ ሲባዛ 900 ብር። ከዚያ በላይ የሸጠ ሁሉ ያተረፈ ይመስላል። 1,300 ብር ሲሸጥ ያየ ጎረቤትም «ይኼ ሰውዬ በአንድ ፔርሙስ 400 ብር ያነሳል» ብሎ ያማዋል። ሰውዬው ግን በእያንዳንዱ ፔርሙስ ከ250 ብር በላይ እየከሰረ ሊሆን ይችላል።

በ900 ብሩና በእውነተኛው ዋና መካከል ባሕር አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ሞጆ አለ። አንድ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ ነጋዴው መጋዘን እስኪራገፍ የበላው ወጪ ተደምሮ ለእያንዳንዱ ፍሬ ሲከፋፈል የሚገኘውን ቁጥር የሒሳብ ሰዎች ላንድድ ኮስት ይሉታል። በቀላሉ ዕቃው መጋዘን እስኪገባ የፈጀው ዋጋ ማለት ነው። መደመሩ ማንንም አያስቸግርም። የሚያሳስተው የትኛው ወጪ እንደሚደመርና የተደመረው እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። ይህን ለማየት አንድ ኮንቴነር ይዞ መንገዱን መከተል ይበቃል።

ኮንቴነሩ ባለ 20 ጫማ ነው። ነጋዴው ዪዉ ከሚባለው የቻይና የጅምላ ገበያ ከተማ ሁለት ዓይነት ዕቃ ገዝቷል፤ 3,000 ባለ ሁለት ሊትር ፔርሙስና 3,000 ስብስብ ማንኪያና ሹካ። የሁለቱም ዋጋ እኩል 6 ዶላር ነው። የፔርሙሱ ካርቶን ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ማንኪያው ግን በጠፍጣፋ ሳጥን ተሸክፎ ጥቂት ቦታ ላይ ይጨመቃል። ከተጫነው 27 ሜትር ኪዩብ ውስጥ ፔርሙሱ 22.5፣ ማንኪያው 4.5 ይዟል። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ላይ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። የዕቃው፣ የጭነቱና የአገልግሎቱ ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። የታክሱ ምጣኔ ደግሞ እስከ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሥራ ላይ የነበረው ነው፤ ቀረጡን ብቻ ለምሳሌ ያህል 20 በመቶ አድርገነዋል።

የ6 ዶላሩ ዋጋ ኤፍ.ኦ.ቢ. ነው። ሻጩ ዕቃውን ኒንግቦ ወደብ አድርሶ መርከብ ላይ እስኪጭን ያለውን ወጪ ይሸፍናል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የገዢው ዕዳ ነው። 6,000 ፍሬ በ6 ዶላር 36,000 ዶላር ይሆናል። ከኒንግቦ በጅቡቲ በኩል እስከ ኢትዮጵያ መግቢያ በር ላለው ጉዞ 3,780 ዶላር፣ ለኢንሹራንስ 220 ዶላር እንጨምር። ድምሩ 40,000 ዶላር መጣ። የዕቃው፣ የጭነቱና የኢንሹራንሱ ድምር ሲ.አይ.ኤፍ. ይባላል። በ150 ብር ሲመነዘር 6 ሚሊዮን ብር ነው።

ይህ ቁጥር ለጉምሩክ የሁሉ ነገር መሠረት ነው። በኢትዮጵያ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው አገር ድንበር እስኪደርስ የወጣበትን የጭነትና የኢንሹራንስ ወጪም ይጨምራል። ስለዚህ የመርከብ ኪራይ ሲወደድ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለመርከቡ፣ አንዴ በመርከቡ ዋጋ ላይ ለሚጣለው ቀረጥ። ከመግቢያው በር ወዲህ ያለው የአገር ውስጥ ጭነት ግን ቀረጥ ማስከፈያው ውስጥ አይገባም። የትራንስፖርት ደረሰኙ ሁለቱን ካልለየ ትራንዚተሩ እንዲለይ መጠየቅ ዋጋ አለው።

አሁን ዲክላራሲዮኑን እንክፈት። ታክሶቹ ጎን ለጎን የቆሙ አይደሉም፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። ቀረጡ 20 በመቶ ሲሆን ከ6 ሚሊዮኑ ላይ 1,200,000 ብር ነው። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን ሲ.አይ.ኤፍ.ና ቀረጡ ተደምረው በተገኘው 7,200,000 ላይ ስለሆነ 1,080,000 ብር ይደርሳል። ዕቃው ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ቢሆን ኖሮ እሱም ከቫቱ በፊት ይገባ ነበር። ቀጥሎ ሱር ታክስ አለ። ስሙ 10 በመቶ ነው፤ የሚጣለው ግን ሲ.አይ.ኤፍ.፣ ቀረጡና ቫቱ ሁሉ ተደምረው በሚገኘው 8,280,000 ላይ ነው። 828,000 ብር ይሆናል። በሲ.አይ.ኤፍ. ሲለካ 13.8 በመቶ መሆኑ ነው። በልቡ 10 በመቶ ብሎ የገመተ ነጋዴ ከዚህች ቦታ ብቻ 228,000 ብር አጉድሏል።

የቀሩት ሁለቱ ቀለል ያሉ ናቸው። ሶሻል ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶ እና በዊዝሆልዲንግ ስም በቅድሚያ የሚከፈለው የገቢ ግብር 3 በመቶ ሁለቱም በሲ.አይ.ኤፍ. ላይ ይሰላሉ፤ እያንዳንዳቸው 180,000 ብር ናቸው።

ነጋዴው ባንክ ሄዶ ለጉምሩክ የከፈለው በጠቅላላ 3,468,000 ብር ነው። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ቁጥር እንዳለ አንሥቶ የዕቃው ወጪ ላይ ይደምረዋል። ከኪሱ ስለወጣ ሁሉም ወጪ ይመስለዋል። ነገር ግን ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ያን 1,080,000 ብር ዕቃውን ሲሸጥ ከደንበኛ ከሚሰበስበው ቫት ላይ ያቀናንሰዋል። ዊዝሆልዲንጉም በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው የትርፍ ግብር ላይ ይያዝለታል። ሁለቱ ለመንግሥት በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ እንጂ የዕቃው ዋጋ አይደሉም። ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና ሶሻል ዌልፌሩ ግን አይመለሱም፤ ከዕቃው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። የእነዚህ የሦስቱ ድምር 2,208,000 ብር፣ የሲ.አይ.ኤፍ. 36.8 በመቶ ነው።

ሁለቱን ያልለየ ነጋዴ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ 210 ብር የሌለ ወጪ ይጭናል። ከዚያ ትርፉን ይጨምርበታል፤ ሲሸጥም እንደገና 15 በመቶ ቫት ይደርብበታል። ከዚያ በኋላ «ገበያው ሞቷል» ይላል። ገበያው አልሞተም፤ ጎረቤቱ ያንኑ ፔርሙስ በትክክል አስልቶ በቅናሽ እየሸጠ ነው። ይህ ስሌት በደንብ መዝግቦ ቫቱን ለሚያቀናንስ ነጋዴ ነው። ዲክላራሲዮኑን የጣለ፣ ወይም በሌላ ሰው ፈቃድ ያስመጣ ሰው ግን ቫቱን የሚያስመልስበት ወረቀት የለውም። ለእሱ 1,080,000 ብሩ እውነተኛ ወጪ ሆኖ ይቀራል። በሰው ፈቃድ ማስመጣት ርካሽ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህን አይቆጥሩም።

ኮንቴነሩ ከጉምሩክ ቢለቀቅም ገና መርካቶ አልደረሰም። ከመግቢያ በር እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆም እስከ አዲስ አበባ ላለው ጭነት፣ ለወደብ አገልግሎት፣ ለማራገፊያና ለጫኝ 330,000 ብር እንያዝ። ለኤል.ሲ. የባንክ ኮሚሽንና ለትራንዚተሩ ደግሞ 150,000። ጠቅላላው 8,688,000 ብር ሆነ። በ6,000 ፍሬ ሲካፈል 1,448 ብር ይወጣል። ያ 900 ብር የነበረው ማለት ነው።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል። «ሁለቱም 6 ዶላር ገባ፣ ሁለቱም 1,448 ሆነ» ብሎ 8 በመቶ ይጨምርና ሁለቱንም ከቫት በፊት 1,564 ብር ይሸጣል። ፔርሙሱ በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ ማንኪያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ነጋዴው ፔርሙስ እንደሚሄድለት ተረድቶ ቀጣዩን ኮንቴነር ሙሉ በሙሉ ፔርሙስ ያዛል። በዓመቱ መጨረሻ ብር የት እንደገባ ይጠፋዋል።

ብሩ የጠፋው ኮንቴነሩ ውስጥ ነው። መርከቡም መኪናውም የሚያስከፍለው ለያዙት ቦታ ነው። ኮንቴነሩ የሞላው ደግሞ በፔርሙስ ነው፤ ከ27 ሜትር ኪዩቡ አምስት ስድስተኛው የእሱ ነው። ስለዚህ የጭነት ወጪው አምስት ስድስተኛም የፔርሙሱ መሆን አለበት። ግማሽ ለግማሽ ሲካፈል ማንኪያው የፔርሙሱን ኪራይ ይከፍላል።

እንደገና እንከፋፍለው። የባሕሩ ጭነት በብር 567,000 ነው፤ በኪዩብ ሲከፈል ለፔርሙሱ 472,500፣ ለማንኪያው 94,500 ይደርሳል። ኢንሹራንስ የሚከፈለው በዕቃው ዋጋ ልክ ስለሆነ እኩል ይካፈላሉ። በዚህ አኳኋን የፔርሙሱ ሲ.አይ.ኤፍ. 3,189,000፣ የማንኪያው 2,811,000 ይሆናል። የማይመለሰው 36.8 በመቶ ታክስ በየራሳቸው ላይ ይሰላል። እዚህ የሁለቱም ቀረጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነገሩ ቀለለ። የታሪፍ ቁጥራቸው ተለያይቶ አንዱ 10፣ ሌላው 30 በመቶ ቀረጥ ቢኖርበት ኖሮ የታክሱን ድምር ማካፈል አይቻልም ነበር። ዲክላራሲዮኑ እያንዳንዱን ዕቃ በየመስመሩ ስለሚጽፍ የእያንዳንዱን ታክስ ከዚያው ማንበብ ነው። የአገር ውስጡ ጭነትና ማራገፊያ እንደገና በኪዩብ ይከፈላል፤ የባንኩና የትራንዚተሩ ወጪ በዋጋ።

ሲጠቃለል አንድ ፔርሙስ 1,571 ብር፣ አንድ ስብስብ ማንኪያ 1,325 ብር ፈጅቷል። አማካዩ ያው 1,448 ነው፤ አማካዩ ግን የሁለቱንም እውነት ሸፍኖ ነበር። በ1,564 ብር የተሸጠው ፔርሙስ እያንዳንዱ 7 ብር እያከሰረ ነው የሄደው። በዚያ ዋጋ ቶሎ ማለቁም ስለረከሰ ነው። ማንኪያው በተቃራኒው 1,450 ብር ቢሸጥ እንኳ 125 ብር ያተርፍ ነበር፤ ግን በማይገባው ኪራይ ተጭኖ ደንበኛ አጣ። ሙሉ ኮንቴነር ፔርሙስ ማዘዝ ማለት ደግሞ ኪሳራውን የሚደጉመውን ማንኪያ አውጥቶ መጣል ነው።

በኪዩብ ማካፈል ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ብሎን፣ ሴራሚክ ወይም ሚስማር የጫነ ኮንቴነር ቦታው ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል፤ መኪናውና መንገዱ የሚፈቅዱት ቶን ቀድሞ ያልቃል። ያን ጊዜ ማካፈያው ኪሎ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ኮንቴነሩ ተጨማሪ ዕቃ እንዳይወስድ የከለከለው ምንድን ነው? ጣሪያው ከሆነ ኪዩብ፣ ሚዛኑ ከሆነ ኪሎ።

እስካሁን ሁሉም ነገር እንደታቀደው ሄዷል። በተግባር ግን አንዱ ቦታ ላይ መዛባቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም የሚዛባው ከጉምሩክ የዋጋ ትመና ላይ ነው። ጉምሩክ ኢንቮይሱ ላይ ያለውን ዋጋ ከተጠራጠረ ተመሳሳይ ዕቃዎች የገቡበትን ዋጋ ተመልክቶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ፔርሙሱ 6 ሳይሆን 8 ዶላር ነው ቢባል ነጋዴው ለሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የማይመለሰው ታክስ በእያንዳንዱ ፔርሙስ 110 ብር ያህል ያድጋል። ፔርሙሱ 1,681 ብር ይገባል። ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ትራንዚተሩን «ይሄ በቅርቡ በስንት ተስተናገደ?» ብሎ መጠየቅ የልምድ ሰዎች ዘዴ ነው። መልሱ ኢንቮይሱ ላይ ካለው ዋጋ ከራቀ ስሌቱ ከመነሻው በከፍተኛው ዋጋ ይሠራል። በእውነት በ6 ዶላር የገዛም የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የግዢ ውሉንና የሻጩን የዋጋ ዝርዝር ይዞ ይከራከራል።

ሌላው የተሰበረው ነው። የውስጥ ጠርሙስ ያለው ፔርሙስ ከሆነ ከኒንግቦ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ሁሉም አይተርፍም። ከ3,000ው 90 ተሰብሮ ቢገኝ ወጪው በ3,000 ሳይሆን በሚሸጠው 2,910 ይካፈላል፤ የአንዱ ዋጋ ከ1,571 ወደ 1,619 ብር ይወጣል። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ነጋዴ የገዛው ውል የትኛው እንደሆነ ማየት አለበት። በባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ርካሹ ሲ እንደ መርከብ መስጠም፣ መጋጨትና ቃጠሎ ላሉ ትልልቅ አደጋዎች ነው፤ በአያያዝ ጉድለት ለተሰባበረ ጠርሙስ አይከፍልም። ለዚያ የሚጠጋው ሰፊው ኤ ነው፤ እሱም ቢሆን ከካሳው ላይ ነጋዴው ራሱ የሚሸከመው መጠን ሊኖርበት ይችላል። ጠርሙስ ለሚያስመጣ ሰው ሲን መግዛት የቆጠበውን ብር በስባሪ መልክ መልሶ መክፈል ነው።

የኮንቴነሩ ቀን ቆጠራም አለ። የመርከብ ድርጅቱ ባዶውን ኮንቴነር ለመመለስ የሰጠው ነጻ ቀን ሲያልቅ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል፤ ደረቅ ወደቡም የመጋዘን ኪራይ አለው። በቀን 30 ዶላር ቢሆን የ20 ቀን መዘግየት 90,000 ብር፣ በፍሬ 15 ብር ነው። ይህ ራሱ ብዙ አይደለም። የሚከፋው የታሰረው ብር ነው። ነጋዴው ቫቱንና ዊዝሆልዲንጉን ጨምሮ ወደ 10 ሚሊዮን ብር አውጥቷል። ከዚህ ውስጥ 9 ሚሊዮኑ በ16 በመቶ ወለድ የተበደረውና ለሦስት ወር የታሰረ ቢሆን ወለዱ 360,000 ብር ነው፤ በፍሬ 60 ብር። ቫት ወጪ ባይሆንም እስኪመለስ ድረስ ወለድ ይበላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሒሳብ ባለሙያውና ነጋዴው ይለያያሉ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ የዕቃ ዋጋ ላይ የግዢውን ዋጋ፣ የማይመለስ ታክስን፣ ጭነትንና ማራገፊያን እንዲደመር ይፈቅዳል። ተመላሽ ቫት አይደመርም። ከተለመደው ያለፈ ብክነት ወደ ወቅቱ ወጪ ይሄዳል፤ እንዲህ ላለ የንግድ ዕቃ የተከፈለ የብድር ወለድም እንዲሁ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ፔርሙሱ 1,571 ብር ተብሎ ይጻፋል። መሸጫ ዋጋ የሚቆርጠው ነጋዴ ግን 60 ብሩን ቸል ቢል ባንኩ ቸል አይለውም። ሁለት ቁጥር መያዝ ነውር የለውም፤ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለገበያ።

ከሁሉ የከበደው ግን ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ በአንድ ጊዜ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወጣ። ቀረጥ የሚሰላው ዲክላራሲዮኑ በቀረበበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ነው፤ ዕቃው በተገዛበት ቀን በነበረው አይደለም። ኤል.ሲ.ውን በድሮው ዋጋ ከፍሎ ዕቃው ከዚያ ቀን በኋላ የተስተናገደለት ነጋዴ የዕቃው ዋጋ ባይነካበትም የጉምሩኩ ዕዳ በአንድ ጊዜ በ30 በመቶ አደገበት። ዋናውን በአንድ ምንዛሪ ብቻ ያሰላ ሰው እንዲህ ያለውን ሊያየው አይችልም። ደብተሩ ላይ ዶላሩ ለባንክ የተከፈለበትና ጉምሩክ የተጠቀመበት ምንዛሪ በሁለት ዓምድ መቀመጥ አለበት።

ያ ነጋዴ አሁን በ1,571 ብር መጋዘን ያስገባውን ፔርሙስ ለቸርቻሪ በ1,650 እየሸጠ ነው እንበል። መዝገቡ 79 ብር ትርፍ ያሳያል፤ ግብሩም በዚያው ላይ ይሰላል። የሚቀጥለውን ኮንቴነር ለማዘዝ ባንክ ሲሄድ ግን ዶላሩ 160 ብር ደርሶ አገኘው። በዚህ ምንዛሪ የዕቃው፣ የባሕር ጭነቱና የታክሱ ብር አብሮ ስለሚያድግ የአገር ውስጡ ወጪ ባይነቃነቅ እንኳ ያው ፔርሙስ መጋዘን የሚገባው በ1,668 ብር ነው። 3,000 ሸጦ የሰበሰበው ብር 3,000 አይገዛለትም።